ደብተሩ ሞልቷል፣ ስሕተቱ ግን አልቀነሰም

*ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤*

*የምሠራው ሪፖርትና ደብዳቤ በሚዘጋጅበት ክፍል ነው። ኃላፊዬ የምጽፈውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አርመው ይመልሱልኛል። ከአራት ወር በፊት “የስሕተት መዝገብ” የሚል ደብተር ከፍቼ የታረመብኝን ሁሉ መመዝገብ ጀመርኩ። ደብተሩ ሊያልቅ ነው፤ ስሕተቱ ግን ያው ነው። ባለፈው ሳምንት ኃላፊዬ ባልደረቦቼ እየሰሙ “ይህን እኮ ባለፈው ወርም አርሜልሻለሁ” አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ማታ ደብተሩን ስገልጥ ያንኑ ስሕተት ሦስት ቦታ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጀመር እንኳን እጄ ይፈራል። ሰዋስው እንደ አዲስ ልማር? ወይስ ደብተሩን ልተወው? የሦስት ገጽ ፎቶና እርማቱ ያረፈባቸውን አምስት ሪፖርቶች ልኬልዎታለሁ። እያንዳንዱ 800 ቃል ገደማ ነው።*

*እጇ የፈራ*

እህቴ፣ የላክሽውን ሁሉ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ዓይኔ ያረፈው ስሕተቶቹ ላይ አልነበረም። በገጹ ጠርዝ “ምክንያት” ብለሽ የከፈትሽው ዓምድ ላይ ነው። ዘጠኝ ቦታ “ቸልተኝነት” ይላል፣ አራት ቦታ “አለማወቅ” ይላል፣ የቀረው ባዶ ነው። ይህ ምክንያት ሳይሆን ክስ ነው። “ቸልተኛ ነኝ” ብሎ የጻፈ ሰው ነገ ጠዋት ሪፖርቱን ሲከፍት የቱን መስመር ማየት እንዳለበት ቃሉ አይነግረውም። ባልደረቦችሽ ፊት የተባልሽው ነገር እንዳሳፈረሽ ይገባኛል፤ ያ እፍረት ግን እዚያ ዓምድ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ደብተሩ ሥራውን መሥራት ያቆመው ያኔ ነው።

ሁለተኛው ነገር የመዘገብሽበት መንገድ ነው። በግራ የተሳሳተው ቃል፣ በቀኝ የታረመው ቃል፣ አለቀ። ለምሳሌ አንዱ መስመር “አቅርቧል – አቅርበዋል” ይላል። አሁን “አቅርቧል” በሚለው ቃል ላይ ምን ስሕተት አለ? ምንም የለም። ብቻውን ሲቆም ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። ስሕተቱን ለማየት ወደ ሪፖርቱ መመለስ ነበረብኝ፤ እዚያ ያገኘሁት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው።

“በሦስቱ ቡድኖች የተሰማሩት ባለሙያዎች የመጀመሪያውን ዙር መረጃ ሰብስበው፣ የቀረውን ሥራ ለሚቀጥለው ወር ያስተላለፉበትን ምክንያት የሚያብራራ ሰነድ አቅርቧል።”

ባለቤቱ “ባለሙያዎች” ነው፤ ግሱ ከእርሱ 12 ቃል ርቆ ይገኛል። በመካከል “ሰነድ” የሚል ነጠላ ስም ግሱ አጠገብ ተቀምጧል፣ ከፊቱም “የሚያብራራ” የሚል ነጠላ ቅርጽ አለ። እጅሽ ግሱ ጋ ሲደርስ የሰማው የቅርቡን ስም ነው። የቅርብ ስም ግስን ወደ ራሱ የመሳብ ነገር በብዙ ቋንቋ ጸሐፊዎች ላይ ይታያል፤ የእኛ ቋንቋ ደግሞ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ለዚህ ወጥመድ ሰፊ ቦታ አለው። ደብተርሽ ግን ይህን ሁሉ ጥሎ አንድ ቃል ብቻ አስቀርቶልሻል። በሚቀጥለው ወር “አቅርቧል” ሳይሆን “አጠናቋል” ላይ ስትሳሳቺ ያው ስሕተት መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? ኃላፊሽ ያውቁታል፣ ምክንያቱም የሚያዩት ዓረፍተ ነገሩን ነው።

ስለዚህ ሦስቱን ገጾች ከሪፖርቶቹ ጋር እያመሳከርኩ እንደ አዲስ መደብኳቸው። በጠቅላላው 42 ምዝገባ አለ። 11ዱ የፊደል ናቸው፤ “ነው” በ“ነዉ”፣ “ውስጥ” በ“ዉስጥ”፣ “ሠራተኛ” አንዴ በንጉሡ ሠ አንዴ በእሳቱ ሰ። 13ቱ አሁን እንዳየነው የባለቤትና የግስ አለመስማማት ነው። 8ቱ ላይ አንድ ሐሳብ በሁለት ማያያዣ ታስሯል። 4ቱ “ን” የጎደላቸው ናቸው። 3ቱ እንደ “መምህራኖች” ያሉ ድርብ ብዙ ቁጥሮች ሲሆኑ፣ የቀሩት 3 አንድ አንድ ጊዜ ብቻ የታዩ ናቸው።

የመጀመሪያ ገጽሽ ራስጌ ላይ “ትልቁ ችግሬ ፊደል ነው” ብለሽ ጽፈሻል። ቁጥሩ ግን ሌላ ይላል። ፊደል ዓይን ውስጥ ስለሚገባና ቀዩ ቀለም በላዩ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ ትልቅ ይመስላል እንጂ፣ ለብቻው ከሩብ ትንሽ ያልፋል። እርሱም ቢሆን ለመዝገብ የሚበቃ ጉዳይ አይደለም። “ነዉ” የሚመጣው ከእውቀት ማነስ ሳይሆን ከቁልፍ ሰሌዳው ነው፤ በድምፅ በሚጻፍባቸው ሰሌዳዎች ላይ አንድ አናባቢ ስትጨምሪ ሳድሱ ወደ ካዕብ ይዞራል። ሪፖርቱን ከመላክሽ በፊት በመፈለጊያው “ዉ” ብለሽ ፈልጊና አንድ በአንድ እያየሽ ቀይሪው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትቀይሪ፤ በ“ዉ” እንዲጻፍ ባለቤቱ የመረጠው ስም ሊኖር ይችላል። የሠ እና የሰ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ የልማድ ጉዳይ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ የሚጠቀምበትን ጠይቂ፣ አንዱን ያዢ፣ ደብተሩ ጀርባ ላይ በአጭር ዝርዝር ጻፊው። እነዚህን 11 ዛሬውኑ ከመዝገቡ ማውጣት ትችያለሽ።

የቀሩት ላይ ከመፍረድሽ በፊት አንድ ፈተና እንድትሠሪ እፈልጋለሁ። እንግሊዛዊው የቋንቋ ምሁር ፒት ኮርደር እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ስሕተት ለይቶ ነበር፤ አንዱ ሰው እያወቀ የሚያመልጠው፣ ሌላው ደንቡን ስለማያውቅ የሚሠራው። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። የምትለዪው እንዲህ ነው። ከሪፖርቶችሽ 20 የተሳሳቱ ዓረፍተ ነገሮችን ያለ እርማታቸው በንጹሕ ወረቀት ገልብጪ። ሁለት ሦስት ቀን አሳድሪያቸውና ማንንም ሳትጠይቂ አርሚያቸው። ያረምሽው ሁሉ የምታውቂው ነው፤ ያመለጠሽ በጽሕፈት ሂደት ነው ማለት ነው። ስታነቢው ምንም ያልታየሽ ደግሞ መማር ያለብሽ ነው።

“ሰዋስው እንደ አዲስ ልማር?” ለሚለው ጥያቄሽ መልሱን የምታገኚው ከዚህ ወረቀት ነው። የእኔን ግምት ከፈለግሽ፣ ከ13ቱ ሳታርሚው የምታልፊው ብዙ አይኖርም። “መምህራኖች” ላይ ግን ምናልባት ታልፊያለሽ። “መምህራን” ከግእዝ የመጣ ብዙ ቁጥር ስለሆነ “-ኦች” ሲጨመርበት ብዙ ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ይነገራል፤ ቃላት፣ ሕፃናት፣ ካህናትም እንዲሁ ናቸው። ይህ የአንድ ምሽት ትምህርት ነው። ለዚህ ብሎ ሙሉ ሰዋስው መጀመር ጣት የቆሰለን ሰው ሙሉ ሰውነቱን በፋሻ እንደ መጠቅለል ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። ሁለት ማያያዣ ካሰርሽባቸው አንዱ እንዲህ ይላል፦ “ምንም እንኳን መረጃው ከሁሉም ክፍሎች በወቅቱ ተሰብስቦ ያልደረሰ እና የተወሰነው ክፍል ዳግም መጣራት ያስፈለገው ቢሆንም፣ ነገር ግን ሪፖርቱ በተያዘለት ቀን ቀርቧል።” “ቢሆንም” ተቃርኖውን ጨርሶታል፤ “ነገር ግን” ትርፍ ነው። ለምን ገባ? “ምንም እንኳን” ብለሽ ከጀመርሽ በኋላ ረጅም መንገድ ስለሄድሽ፣ እዚያ ስትደርሺ መጀመሪያውን ረስተሽ ተቃርኖውን እንደ አዲስ አሰርሽው። “ን” የጎደለባቸውንም እይ፦ “ኮሚቴው ባለፈው ወር በጽሑፍ ያቀረብነው ጥያቄ…” ብለሽ ጀምረሽ፣ ከሁለት መስመር በኋላ “ተመልክቶታል” ትያለሽ። “ያቀረብነውን ጥያቄ” መሆን ነበረበት፤ ግን “ያቀረብነው” ብለሽ ስትጽፊ ግሱ ገና ስላልመጣ ጥያቄው ተመልካች ይሁን ታይ አልወሰንሽም ነበር።

ታየሽ? ሦስት የተለያየ ስም ያላቸው ስሕተቶች ናቸው፤ ምንጫቸው ግን አንድ ይመስላል። የዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያና መጨረሻ ተራርቀው ተረሳስተዋል። በአለመስማማት 12፣ በማያያዣ 8፣ በ“ን” 4፣ ድምሩ 24 ነው። (13 ሆኖ ሳለ 12 ያልኩት አንዱን ስላወጣሁት ነው፤ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ።) ከ24ቱ 19ኙ የተገኙት ከ15 ቃል በላይ በሆኑ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ነው። ስለዚህ ከደብተርሽ ከግማሽ በላዩ አንድ ነገር ነው። ኃላፊሽ “ይህን እኮ አርሜልሻለሁ” ያሉት እውነት ነው፤ አንቺም “ግን ይህ ሌላ ቃል ነው” ብለሽ ግራ መጋባትሽ እውነት ነው።

እዚህ ላይ ግን ቸኩዬ “ርዝመት ነው” ብዬ መደምደም አልፈልግም፤ ስሕተቱ ሌላ በርም ሊኖረው ይችላልና እስቲ ልጠይቅሽ። ያ “ባለሙያዎች” ያለበት ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ሲጻፍ “ባለሙያዎች” ነበር? ወይስ “ቡድኑ” ብለሽ ጀምረሽ፣ “ቡድኑ… አቅርቧል” ብለሽ ጨርሰሽ፣ በኋላ ስታሻሽዪ ባለቤቱን ብቻ ቀየርሽው? ይህን የምጠይቀው የራሴ ደብተር ለረጅም ጊዜ ስላታለለኝ ነው። ለዓመታት “ብዙ ቁጥር ይጠፋብኛል” ብዬ ስጽፍ ኖሬ፣ አንድ ቀን የቆዩ ረቂቆቼን ከታረሙት ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጥ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ስሕተቱ የለም። የፈጠርኩት ራሴ ነኝ፣ በማሻሻል ሰዓት። ግማሹን ቀይሬ ግማሹን ረስቼ።

የአንቺም የቆዩ ረቂቆች ኮምፒውተርሽ ውስጥ ካሉ ከ12ቱ አምስቱን ብቻ ፈልጊያቸው። ስሕተቱ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ካለ ጉዳዩ ርቀት ነው፤ መድኃኒቱ ዓረፍተ ነገሩን መክፈል ነው። በኋላ የገባ ከሆነ ግን መክፈል ብዙም አያድንሽም። ያኔ የሚያስፈልግሽ አንድ የእጅ ልማድ ነው፤ ስም በቀየርሽ ቁጥር ሌላ ነገር ሳትነኪ ወደ ግሱ ሄዶ መመለስ። ሁለቱም ተቀላቅለው ልታገኚ ትችያለሽ። “ምክንያት” የሚለው ዓምድ የተከፈተው ለዚህ ነበር። ከእንግዲህ እዚያ የምትጽፊው ስለ ራስሽ ጠባይ ሳይሆን ስለ ሁኔታው ይሁን። ለምሳሌ ይህኛው ምዝገባ እንዲህ ቢጻፍ፦ ሙሉው ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩ “ባለሙያዎች – አቅርበዋል”፣ ዓይነቱ “ባለቤትና ግስ”፣ ምክንያቱ “ባለቤቱን ከቡድኑ ወደ ባለሙያዎች ቀይሬ ግሱን አላየሁም፤ በመጨረሻው ሰዓት”። ከአሥር እንዲህ ያሉ ምዝገባዎች በኋላ ደብተሩ ራሱ ይናገራል።

ለሚቀጥለው ሪፖርትሽ ይህን ሞክሪ። ስትጽፊ ደብተሩን ዝጊው፣ መሳቢያ ውስጥም ይግባ። የእጅሽ ፍርሃት የመጣው መጻፍንና መታረምን በአንድ ሰዓት ልታደርጊ ስለሞከርሽ ይመስለኛል። ረቂቁን ጨርሺና አሳድሪው። ጠዋት አትመሽ አውጪው፤ ካልሆነም የፊደሉን መጠንና ቅርጽ ቀይሪ፣ ዓይን የለመደውን ገጽ ሳያነብ ያልፋልና። ከዚያ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጀምረሽ ወደ ላይ ውጪ። እንዲህ ሲሆን ታሪኩ አይጎትትሽም፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ይቆማል። በእያንዳንዱ ላይ ጣትሽን ግሱ ላይ አድርጊና “ማን?” ብለሽ ጠይቂ፤ ጣትሽ ወደ ኋላ ሄዶ ባለቤቱን ይንካ። ግሱ “ምንን?” የሚል ከሆነም እንዲሁ ሄደሽ “ን” መኖሩን እይ። በዚህ ዙር ሌላ ነገር አታርሚ፣ ፊደልም ቢሆን። ለ800 ቃል ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስድብሻል።

ጣትሽ ከአንድ መስመር ተኩል በላይ የሚጓዝ ከሆነ ክፈዪው። ያንን ዓረፍተ ነገር እኔ ብጽፈው እንዲህ አደርገው ነበር፦ “በሦስቱ ቡድኖች የተሰማሩት ባለሙያዎች የመጀመሪያውን ዙር መረጃ ሰብስበዋል። የቀረውን ሥራ ለሚቀጥለው ወር ያስተላለፉበትን ምክንያትም በሰነድ አቅርበዋል።” “ሰነድ” ከግሱ አጠገብ አልጠፋም፤ ግን አሁን የሚስበው ነገር የለም።

መቀነሱን በምን ታውቂያለሽ? የምዝገባውን ብዛት ብቻ አትቁጠሪ፤ ረጅም ሪፖርት የጻፍሽበት ወር ሁልጊዜ የባሰ ይመስላል። ለ1000 ቃል ስንት እንደሚደርስ አስቢ። አምስቱ ሪፖርቶች 4000 ቃል ያህል ናቸው፣ አለመስማማቱ 12 ነው፤ ስለዚህ መነሻሽ በ1000 ቃል 3 ነው። ይህን ቁጥር ጻፊው። በሦስት ተከታታይ ሪፖርት ካልታየ ከዕለት ክትትልሽ አውጪውና ቀጣዩን አስገቢ፤ ከወር በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ ተመልሰሽ እዪው። በአንድ ጊዜ ከሁለት ወይም ሦስት ዓይነት በላይ አትከታተዪ፤ አሁን የያዝሽው 42 ነገር በአንድ ራስ የሚያዝ አይደለም።

ደብተሩ የማያሳይሽ ነገርም አለ። የሚመዘግበው ሌላ ሰው ያየውን ብቻ ነው፤ ኃላፊሽ በችኮላ ያለፉት ስሕተት እዚያ አይገባም። ያረሙት ሁሉ ደግሞ ስሕተት ነበር ማለት አይደለም። ሁለተኛው ሪፖርት ላይ “ተተገበረ” የሚለውን “ተግባራዊ ተደረገ” አድርገውታል። ይህ ምርጫ ነው፤ እንዲያውም ለእኔ ያንቺው ይሻላል። እንዲህ ያለውን “የኃላፊዬ ምርጫ” በሚል ሌላ ገጽ አስቀምጪው፤ ከእርሳቸው ጋር እስከሠራሽ ድረስ ይጠቅምሻል፣ ከስሕተት ጋር ግን አትደምሪው።

ኃላፊሽን አንድ ነገር ብትጠይቂያቸውስ? ከማረም ይልቅ ስሕተት ባለበት መስመር ጠርዝ ላይ አንዲት ምልክት ብቻ ያድርጉ፣ ምኑ እንደሆነ ሳይናገሩ። ሪቻርድ ሀስዌል የተባለ አሜሪካዊ የጽሕፈት መምህር እ.ኤ.አ. በ1983 ስለዚህ ዘዴ ጽፏል፤ ተማሪዎቹ እንዲህ ከተጠቆሙት ስሕተቶች ከግማሽ በላዩን ራሳቸው አግኝተው አርመዋል። ለእርሳቸው ጊዜ ይቆጥባል፣ ለአንቺ ደግሞ ፍለጋውን ይተውልሻል። “ያረሙልኝን እየገለበጥኩ ብቻ ስለነበር አልጠቀመኝም፤ አሁን ራሴ ላግኘው” ብትያቸው የባለፈውን ንግግራቸውንም በሌላ መንገድ የመለስሽላቸው ይመስለኛል። ፈቃደኛ ካልሆኑ ግድ የለም፤ የታረመውን ገጽ ሳታዪ ባልደረባሽ ምልክቶቹን ብቻ ወደ ንጹሕ ቅጂ እንድታዛውርልሽ ጠይቂ።

ያወጣኋት አንዷ እነሆ። አራተኛው ሪፖርት ላይ “በስብሰባው ብዙ ሰው ተገኝቷል” ብለሽ ጽፈሽ፣ ኃላፊሽ “ተገኝተዋል” አድርገውታል፤ አንቺም “ቸልተኝነት” ብለሽ መዝግበሻል። “ብዙ ሰዎች” ብትዪ ኖሮ እርማቱ ልክ ነበር። “ብዙ ሰው” ግን በቅርጹ ነጠላ ስለሆነ “ተገኝቷል” ይስማማዋል፤ “ብዙ ሰው መጣ” እንደምንለው። እርሷን ሰርዢያት፤ ከዘጠኙ “ቸልተኝነት”ም አንዱ ይቀነስ። ሦስት ሪፖርት ስትጨርሺ አዲሱን ቁጥር ጻፊልኝ።